ሾፌሩ ሦስተኛ ዓመት ደረሰ

የኩሪያኮስ አቸን ረቂቅ እንዲህ ብሎ ይጀምራል፦ «የእግዚአብሔር ምሕረት እንደ ሰኔ ዝናብ በኮሌጃችን ጣሪያ ላይ በወረደበት በዚህ የተባረከ ዓመት...» ጣሪያው እንደሚያፈስ ኮረብታው ሁሉ ያውቃል። ሰረዝኩት።

«ሞሌ፣ ምኑ አስቀየመሽ?» አሉኝ። ሞሌ በአገራችን ቋንቋ ልጄ ማለት ነው፤ አቸን ደግሞ እኛ ካህን የምንጠራበት ነው። ኩሪያኮስ አቸን ካህንም የነገረ መለኮት ኮሌጃችን ርእሰ መምህርም ናቸው።

«ሪፖርት ነው አቸን፤ ስብከት አይደለም።»

«ትንሽ ምሕረት ቢገባበት ምን ይጎዳል?»

«ጸሎቱ ላይ ያስገቡት።»

ሥራ ፈልጌ ሳጣ ነው የኮሌጁን ዓመታዊ ሪፖርት ለማረም የተቀጠርኩት። ሥነ ጽሑፍ ተምሬ ሁለተኛ ዲግሪ ይዣለሁ፤ ሦስት ቀን ሙሉ ያደረግኩት ግን ቅጽል መሰረዝ ነው። «ታላቅ» በየገጹ አለች። «እጅግ ታላቅ» ደግሞ ታላቅ እህቷ ናት። የወጥ ቤቱ አዲስ ምድጃ «ታሪካዊ» ተብሏል።

ሪፖርቱ ቅዳሜ በአስተዳደር ጉባኤ ፊት ይነበባል። በዚያው ቀን ጉባኤው ኮሌጁ ይቀጥል ወይስ ይዘጋ ብሎ ድምፅ ይሰጣል። ዕውቅና ሰጪው ቦርድ ያለፈውን ዓመት ሪፖርት አይቶ «ለ61 ተማሪ አምስት መምህር አይበቃም፤ አሟሉ ወይም መቀበል አቁሙ» ብሎ ጽፏል። ተጨማሪ መምህር የሚቀጠርበት ገንዘብ የለም። የጎማ ዛፍ እርሻ ባለቤት የሆነው የጉባኤው አባል ኢፔን ኮሌጁ ተዘግቶ ተማሪዎቹ ወደ ከተማው ትልቅ ኮሌጅ እንዲላኩ ሐሳብ አቅርቧል። አቸን እዚህ ኮረብታ ላይ ፀጉራቸውን አሸብተዋል። ከተዘጋ የት እንደሚሄዱ አያውቁም። ስለዚህ ነው ቅጽሉ የበዛው።

የዘንድሮው ረቂቅ ገጽ አራት ላይ «63 ተማሪዎች» ይላል። የምዝገባውን ዝርዝር ጠየቅኩ። 38 ነው።

ጸሐፊውን ቻኮ ቼታንን ጠራሁ። ቼታን ማለት ታላቅ ወንድም ማለት ነው፤ ቻኮ ግን የሁላችንም አያት ሊሆን ይችላል። «ቼታን፣ ይቺ ቁጥር ከየት መጣች?»

«ከፎቶው ነዋ» አለ፣ ፀሐይ ከየት ትወጣለች ያልኩት ይመስል።

ፎቶውን አመጣ። በየዓመቱ በበኩራት በዓል ማግስት የሚነሱት የጋራ ፎቶ ነው። በእያንዳንዱ ራስ ላይ በቀይ ብዕር ነጥብ አለ።

«ድሮ ምዝገባ ሳያልቅ ሪፖርት ይጠየቅ ነበር። የያኔው ርእሰ መምህር ከፎቶው ቁጠር አሉኝ። ቆጠርኩ። ከዚያ ወዲህ ተው ያለኝ የለም።»

«ይሄ ባለ ሸርጡ ሰውዬ ተማሪ ነው?»

ቻኮ መነጽሩን አስተካከለ። «እሱ ጀነሬተር ሊጠግን የመጣ ነው።»

«ታዲያ ነጥቡ?»

«መሀል ቆሟል፤ መዝለል ከበደኝ።»

ፎቶውን ይዤ ወደ አቸን ቢሮ ሮጥኩ። ደረጃው ላይ አንዴ ተንሸራትቻለሁ፤ ዝናቡ ስላለ።

«38 ብሎ ማንበብ ኮሌጁን በገዛ እጄ መቅበር ነው» አሉ አቸን። «ኢፔን ይሄን ነው የሚጠብቀው። ይሄን ሁሉ ዘመን በዚህ ቁጥር ኖረናል፤ አንድ ዓመት ብንጨምር ምን አለበት?»

«እንግዲያው የእያንዳንዱን ስም ይንገሩኝና ልጻፈው። በስማቸው ላትመው።»

ጣታቸውን ፎቶው ላይ አደረጉ። «ይሄ ጂጆ፣ ይቺ ሪንሲ፣ እነዚህ ሁለቱ መንታዎቹ...» እየጠሩ ሄዱ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ዘገዩ። «ይሄ... የወጥ ቤት ሠራተኛዋ የኦመና ወንድም። ይቺ ኦመና ራሷ። ይሄ ዶሮ ያቀፈው...» ጣታቸውን አነሱ። «ዶሮውን በበዓሉ ጨረታ ያሸነፈው ነው።»

«ዶሮውስ ተቆጥሯል?»

ቀረብ ብለው አዩ። ዶሮው ላይ ነጥብ አለ።

መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ የሳል ድምፅ መጣ፤ ከዚያ ጠረጴዛውን እየደበደቡ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ቻኮ በበሩ ብቅ ብሎ «ነጥቡ ለዶሮው ሳይሆን ከኋላው ለቆመው ሰው ነው!» ሲል ደግሞ ጭራሽ ባሰብን። አቸን እንባቸውን በልብሳቸው እጅጌ ጠረጉ።

«ሞሌ፣ ዶሮ ያስተማረ ካህን ተብዬ ከምታወስ ኮሌጅ የዘጋ ተብዬ ልታወስ። ጻፊው።»

አብረን ጻፍነው። እዚህ ላይ ነው ቋንቋ ሥራውን የሚሠራው። አቸን «የትሑት አገልጋያችሁ ዓይን ተጋርዶ» የሚል ነገር ፈልገው ነበር። ያወጣነው ይኼ ነው፦ «በ2ኛው ሠንጠረዥ እንደሚታየው በዚህ ዓመት የተመዘገቡ ተማሪዎች 38 ናቸው። ባለፈው ዓመት ሪፖርት 61 ተብሎ የተገለጸው ቁጥር ያልተመዘገቡ ሰዎችን ያካተተ ነበር፤ በምዝገባ መሠረት ትክክለኛው 36 ነው። ርእሰ መምህሩ ለስሕተቱ ኃላፊነቱን ይወስዳል።» ዶሮውን አልጠቀስነውም።

ከዚያ ወደ ገንዘቡ ዞርን። የበኩራት በዓል ገቢ አራት መቶ ሺህ ሩፒ ይላል። በዓሉ ላይ ምእመናን ፍሬ ያመጣሉ፤ ፍሬው በጨረታ ይሸጣል፤ ያሸነፈ መልሶ ይሰጣል፤ እንደገና ይሸጣል። ዘንድሮ ጃክፍሩት የሚባል አንድ ትልቅ ፍሬ ማንም ሳይበላው ሲሸጥ ዋለ፤ ዋጋው በየዙሩ እየናረ። ተጫራቹ ሁሉ በጭብጨባ ሰክሮ ነበር። በጭብጨባ የተጠራው ዋጋ ሁሉ ገቢ ተብሎ ተመዝግቧል። በእጅ የገባው ግን አንድ መቶ አርባ ሺህ ብቻ ነው። ለሁለት ከፈልኩት፦ «የተሰበሰበ» እና «ቃል ተገብቶ ያልተሰበሰበ»። ትርፍ የነበረው ዓመት ጉድለት ሆነ።

«ያልከፈሉት ስም አይጻፍ፤ አደራ» አሉ አቸን።

«ሪፖርት ነው እንጂ የፖሊስ ጣቢያ ሰሌዳ አይደለም። ድምሩ ይበቃል።»

ቅዳሜ ጉባኤው በአዳራሹ ተሰበሰበ። ብፁዕ አባታችን ጳጳሱ መሀል ተቀመጡ። ሾፌራቸው ሳቡ ሻይ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ኢፔን ፊት ለፊት ነው፤ ባለቤቱ ሌያማ፣ ጡረታ የወጣችው የሒሳብ መምህርት፣ አጠገቡ። ጣሪያው ዘንድሮም ምሕረቱን ያወርዳል፤ ባልዲው ቶክ፣ ቶክ ይላል።

አቸን ማንበብ ጀመሩ። ያለ ቅጽል አጭር ሆኖባቸው ግራ ገባቸው መሰለኝ፤ በየአረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሌላ ቃል እንደሚጠብቅ ሰው ይቆማሉ። ገንዘቡ ጋ ሲደርሱ ኢፔን ተነሳ።

«ይቅርታ ብፁዕ አባታችን! ያልተሰበሰበ ቃል ኪዳን? ይሄ አሳፋሪ ነው! በእግዚአብሔር ቤት ጨረታ ጠርቶ የማይከፍል ማነው? ስሙ ይነበብ!»

አቸን ጣሪያውን አዩ። ሌያማ የባሏን ሸሚዝ ከኋላ ጎተተች።

«ምን ትጎትችኛለሽ? ይነበብ እንጂ!»

«ተቀመጥ» አለች ሌያማ፣ በሹክሹክታ ለመናገር ሞክራ። የአስተማሪ ሹክሹክታ ግን አዳራሹን ሁሉ ያዳርሳል። «ጃክፍሩቱን መጨረሻ ላይ የገዛኸው አንተ ነህ።»

የጉባኤው ሳቅ እንደ ጎርፍ ነበር። ጳጳሱ ጢማቸውን ይዘው አጎነበሱ። ኢፔን እንደ በሰለ ቃሪያ ቀልቶ ተቀመጠ፤ ወዲያው ደግሞ «የእኔን ነገ እከፍላለሁ፤ ለጣሪያው ይሁን!» ብሎ ጮኸ። ቻኮ ሊያጨበጭብ ሲጀምር በዓይኔ አስቆምኩት። ጭብጨባ ነው ያጠፋን።

ሳቁ ሳይበርድ አቸን ሁለተኛውን ሠንጠረዥ አነበቡ። «የተመዘገቡ ተማሪዎች 38...» ድምፃቸው ቀጠነ። «ያልተመዘገቡ ሰዎችን ያካተተ» ሲሉ ጳጳሱ ቀና አሉ።

«እነማን ናቸው ያልተመዘገቡት?» አሉ ጳጳሱ።

አቸን አልዋሹም። ፎቶውን አውጥተው ሰጡ፤ የዘንድሮውንም ያለፉትንም። ጳጳሱ መነጽራቸውን አደረጉ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ሄዱ፤ ከዚያ ወደ በሩ ዞሩ።

«ሳቡ! ና እስቲ። ይሄ አንተ አይደለህም?»

ሳቡ ሻዩን ይዞ ቀረበ። «ነኝ ብፁዕ አባታችን። ፎቶ አንሺው ና አለኝ።»

«ይሄኛው ላይስ? ይሄኛውስ?» ጳጳሱ ቆጠሩ። «ሦስተኛ ዓመት ደርሰሃል ማለት ነው። መቼ ነው ክህነት የምሰጥህ?»

«ፈተና ካለው ይቅርብኝ አባታችን።»

ከዚህ በኋላ ሥርዓት የሚባል ነገር አልቀረም። አንድ ሽማግሌ ከወንበሩ ሊወድቅ ነበር። አቸን ብቻ አልሳቁም፤ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ይዘው እንደቆሙ ናቸው።

ኢፔን እንደገና ተነሳ፤ ዛሬ መቀመጥ አልሆነለትም። «ሳቁ ሳቁ፤ ቁም ነገሩ ግን ያው ነው። መምህር የለም፣ አሁን ደግሞ ተማሪም የለም። ሐሳቤ ይጽና፤ ይዘጋ!»

ሌያማ በድጋሚ ሸሚዙን ጎተተች።

«ደግሞ ምን ገዛሁ?»

«የቦርዱን ደብዳቤ አምጣው። ስንት ተማሪ ለአንድ መምህር ይላል?»

«አሥር።»

«ስንት መምህር አለ?»

«አምስት።»

«38 ተማሪ ስንት መምህር ይፈልጋል?»

ኢፔን ጣቶቹን አየ። ሁላችንም ጣቶቻችንን አየን። እኔም ጭምር። ሦስት ቀን «ታላቅ»ን ስሰርዝ አንዴ እንኳ ለአሥር አላካፈልኩም።

«አራት» አለ ኢፔን በቀስታ።

«አንድ መምህር ተርፎናል» አለች ሌያማ። «ቦርዱ የጎደለን የመሰለው 61 ስላልነው ነው። ስንጨነቅ የከረምነው ለዶሮ ነው!»

ስለ ዶሮው ማን እንደነገራት አላውቅም። ቻኮ ግን ወለሉን እያየ ነበር።

ጳጳሱ ድምፅ ጠየቁ። ይቀጥል፤ የተስተካከለው ሪፖርት ከይቅርታ ደብዳቤ ጋር ለቦርዱ ይላክ፤ ከእንግዲህ ቁጥር ከምዝገባ ብቻ ይወሰድ። ኢፔን ሳይቀር እጁን አነሳ፤ ሌያማ ክርኑን ከታች እየገፋች። ጉድለቱ እንዳለ ነው፤ ለእሱ ማንም አላጨበጨበም፤ አከፋፈሉን የሚያጠና ኮሚቴ ተሰየመ። ሪፖርቱ ላይ ስለሰፈረ ግን ማንም አልካደውም።

አቸን ወረቀቱን አስቀመጡና ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። «ሞሌ፣ አሁንስ ያቺን የመጀመሪያዋን አረፍተ ነገር ልመልሳት?»

«አይሆንም። ለቦርድ ነው የሚሄደው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የመዝጊያውን ጸሎት እንዲያደርሱ ተጠሩ። ቆሙ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ እጃቸውን ዘረጉ።

«ምሕረትህ እንደ ሰኔ ዝናብ፣ እጅግ ታላቅ፣ ታሪካዊ በሆነው...» ብለው ጀመሩ፤ የሰረዝኳቸውን አንድ በአንድ፣ ሳያስቀሩ መለሷቸው። ጉባኤው «አሜን» ሲል ከጣሪያው አንዲት ጠብታ ወርዳ የኢፔን ሻይ ውስጥ ገባች።