የጠያቂዎች ዓምድ

ማክሰኞ ጠዋት ከእረፍት ስመለስ፣ የስድስት ዓመቱ አብዱልባሲጥ ሐሙስ ከጎንደር ወደ አዲስ አበባ ሊላክ መሆኑን ነገሩኝ። ቅዳሜ ሲገባ ያበጠው ፊቱ ብቻ ነበር። አሁን ሆዱም እግሩም አብጧል፤ ጋደም ሲል ትንፋሽ ስለሚያጥረው በሦስት ትራስ ተደግፎ ኦክስጅን በአፍንጫው ተደርጎለታል። ጉሮሮውን ታሞ ከዳነ ከሁለት ሳምንት በኋላ ኩላሊቱ ተቆጥቶ ሽንቱ እንደ ኮካ ኮላ ጠቁሮ ጥቂት ሆነ። በሽታው ለእኛ ለሕፃናት ክፍል ሰዎች እንግዳ አይደለም። አብዛኞቹ ልጆች ውሃና ጨው ተቀንሶላቸው፣ መድኃኒት ወስደው፣ በቀናት ውስጥ ሽንታቸው ይከፈትና ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ይሄኛው ግን ቅዳሜ 19.6 ኪሎ የነበረው ማክሰኞ 21.3 ሆኗል። በሦስት ቀን እንዲህ የሚጨምር ሥጋ የለም፤ ውሃ ነው።

«ኩላሊቱ እምቢ አለ፣ ሲስተር የትናየት» አለኝ ዶክተር ምንይችል። ወጣት ነው፤ ሦስት ሌሊት በደንብ እንዳልተኛ ዓይኑ ይናገራል። «ደሙ በማሽን መታጠብ አለበት። አምቡላንሱ ሐሙስ ጠዋት ይነሳል።»

«በዚህ ትንፋሽ ዓባይ በረሃን ወርዶ ይወጣል?»

ካርዱን አቀበለኝ። እሱም አላመነበትም፤ ሌላ መንገድ ስላልታየው ነው።

እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ነርስ ነኝ፤ አንድ የማልችለው ነገር ቢኖር ያልተደመረ ቁጥር ማየት ነው። የልጁን ካርድ ስገልጥ ደሜ ፈላ። የአመጋገብ ወረቀቱ አልጋው እግር ላይ ተንጠልጥሏል፣ የፈሳሹ ወረቀት ካርዱ ውስጥ ነው፣ ክብደቱ ደግሞ ከሙቀትና ከደም ግፊት ጋር ሌላ ቦታ ተጽፏል። ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያየ ሰው የለም። አንዱ ተረኛ «ሁለት ኩባያ ወተት» ይላል፤ ሌላው «ሽንት 70» ብሎ ይሄዳል። ሁሉም የድርሻውን ጽፏል፤ የደመረ ግን አልነበረም። እኔም በቦታው ብሆን ኖሮ ከእነሱ የተሻልኩ አልሆንም ነበር፤ ግን ያን ጠዋት ይህን ለማሰብ ትዕግሥት አልነበረኝም።

አንድ ደብተር አምጥቼ በማስመሪያ ሠንጠረዥ ሠራሁ። አንዱ ቀን አንድ መስመር ሆነ። ዓምዶቹ፦ በአፍ የገባ፣ ከመድኃኒት ጋር በደም ሥር የገባ፣ የወጣ ሽንት፣ ትውከት፣ በላብና በትንፋሽ የሚወጣው ግምት፣ ልዩነት፣ ከዚያም የማግስቱ ጠዋት ክብደትና የጨመረው። በላብና በትንፋሽ ለሚወጣው ዶክተሩ ለሰውነቱ መጠን የገመተውን ሦስት መቶ ሚሊ ሊትር ያዝኩ። የሚበላው ምግብና የሚወጣው ሰገራ በክብደት ይቀራረባሉ ብዬ ሁለቱንም ተውኳቸው። ኩባያችን መቶ ሃያ እንደሚይዝ አውቃለሁ፤ አባዛሁ፣ ደመርኩ።

ቅዳሜ የገባው 480፣ የወጣው ሽንት 190፤ ሦስት መቶው ሲታከልበት ልዩነቱ አሥር ጎደለ። እሑድ 490 ገብቶ 240 ሸና፤ ሃምሳ ጎደለ። ሰኞ 540 ገብቶ 310 ሸና፤ ሰባ ጎደለ። በወረቀቱ መሠረት ልጁ በሦስት ቀን መቶ ሠላሳ ሚሊ ሊትር መቀነስ ነበረበት። ሚዛኑ ግን አንድ ኪሎ ከሰባት መቶ ጨመረ ይላል።

ደግሜ ደመርኩ፤ ያው ነው። ሚዛኑን ተጠራጠርኩና አምስት ባለ አንድ ሊትር የግሉኮስ ከረጢቶች ደርድሬበት አየሁት፤ ቀጥ ያለ ነው። ሳይጻፍ የቀረ ሽንት ቢኖርማ ክብደቱ ይበልጥ ይወርድ ነበር እንጂ አይወጣም። ደግሞ የሽንቱን ዓምድ ተመልከቱ፤ 190፣ 240፣ 310። ኩላሊቱ እምቢ አላለም፤ ቀስ እያለ እየተከፈተ ነው። እንግዲያው ወረቀታችን የማያውቀው ውሃ በቀን ስድስት መቶ ገደማ ልጁ ሆድ ውስጥ እየገባ ነው ማለት ነው።

ይህን የምታጠጣው ደግሞ እናቲቱ ናት ብዬ ደመደምኩ። ሙሚና ትባላለች፤ ባሏ በድሩ አራዳ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጥ፣ ከእነ አያት ቅድመ አያቱ ነጋዴ የሆነ ሰው ነው። ከቅዳሜ ጀምሮ ከልጇ አልጋ አልተነሳችም።

«ደብቀሽ ምን ታጠጪዋለሽ?» አልኳት፣ ሰላምታ እንኳ ሳልሰጣት።

«ወላሂ ሲስተር፣ እናንተ ከምትሰጡኝ ሌላ አንድ ጠብታ አልሰጠሁትም። ውሃ ውሃ እያለ ሲለምነኝ እንኳ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ።»

«ታዲያ ከጣሪያ ይወርድበታል? ልጅሽን የምትገድይው አንቺ ነሽ።»

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ አለቀሰች። እኔም እንደ ጀግና ጥያት ሄድኩ።

ነገሩን በሰዓት ልከፋፍለው አሰብኩ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ 21.3 ነበር። ስድስት ሰዓት ላይ፣ የጥየቃ ደወል ከመደወሉ በፊት፣ በዚያው ልብስ መዘንኩት፤ 21.3። በመሃል የጠጣውና የሸናው ተመጣጥኗል። ከዚያ እንደ ልማዳችን ለምሳ ሄድኩ፤ የጥየቃ ሰዓት ክፍሉ ስለሚጨናነቅ እኛ ነርሶች እንጀራችንን የምንቀምሰው ያኔ ነው። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ጠያቂዎቹ ሲወጡ ተመልሼ ሚዛኑ ላይ አወጣሁት። 21.9።

በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ስድስት መቶ ግራም። ወረቀቱ በዚያ ሰዓት ባዶ ነው።

አልጋው ሥር አጎንብሼ አየሁ። የማንጎ ጭማቂ፣ ግማሹ የተጠጣ ሚሪንዳ፣ የአጥሚት ፔርሙስ፣ ከመካ የመጣ የዘምዘም ውሃ በትንሽ ጠርሙስ። የበድሩ ታላቅ እህት እትዬ ሃጂራ ገና አልወጣችም ነበር፤ ፔርሙሱን አነሳሁና ጠየቅኳት።

«ምነው? እኔ አንድ ጉንጭ ብቻ ነው ያቀመስኩት» አለች ሳትሸማቀቅ።

«ሌሎቹስ?»

«እነሱም አንዳንድ ጉንጭ።»

«ስንት ሰው ነው የመጣው?»

በጣቶቿ ቆጠረች። ጣት አልበቃትም። «ሃያ ሁለት እንሆናለን። ሰው የሚወደው ልጅ ነው እኮ።»

ሃያ ሁለት ጉንጭ፣ በየቀኑ። ውሸታም የለም፣ ደባቂ የለም፤ አንድ ጉንጭ የሰጠ ሰው ሰጠሁ ብሎ የሚጽፍበት ወረቀት የትም አልነበረም። ወደ ሙሚና ዞርኩ።

«ምነው ዝም አልሽ?»

«ምን ልበል?» አለች። «ያመጡትን ልመልስባቸው? እኔ አልሰጠሁትም፤ የሰጡትን ግን መንጠቅ አልቻልኩም። አንድ ጉንጭ ያን ያህል መስሎም አልታየኝ።»

ደብተሩን ይዤ ወደ ዶክተር ምንይችል ሮጥኩ። ቆሞ አነበበው፤ ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠና እንደገና አነበበው። የሽንቱን ዓምድ በጣቱ ከላይ እስከ ታች ተከተለ።

«መድኃኒቱ እየሠራ ነበር ማለት ነው» አለ።

«እየሠራ ነበር። ጎንደር በሙሉ እየሞላበት ነው እንጂ።»

የሽንት መድኃኒቱን መጠን ከፍ አደረገ። አምቡላንሱን ግን አልሰረዘም፤ ሐሙስ ጠዋት ክብደቱ ካልወረደ ይሄዳል አለ። ትክክል ነበር፤ በእኔ ደብተር ብቻ የልጅ ነፍስ አይያዝም።

እኔ ተመልሼ ጥየቃ ክልክል ነው አልኩ። እትዬ ሃጂራ ወገቧን ያዘች። «ሰው የታመመ ሊጠይቅ መጥቶ እጁን አጣጥፎ ይመለስ? ይሄማ ነውር ነው። አጥር ዘልለንም እንገባለን።» እንደምትዘልል አልተጠራጠርኩም። ተካረርን፤ ድምፃችን ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ።

መላውን ያመጣችው ሙሚና ናት። ደብተሩን ከእጄ ወስዳ ዓምዶቹን አንድ በአንድ አየች። ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምራለች። «እዚህ ለነሱም ቦታ ስጫቸው» አለች። «ዶክተሩ በቀን ከፈቀደው ላይ ትንሽ ቀንሺና የጠያቂ በይው። ለክተው ይስጡት።»

ስልሳ ሚሊ ሊትር ቀነስኩ። «ጠያቂ» የሚል ዓምድ አሰመርኩ። ጭማቂውና አጥሚቱ ለአስታማሚዎች ሆኑ፤ ለልጁ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ብቻ፣ በአምስት ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ፣ ለአሥራ ሁለት ሰው። ከአሥራ ሁለት በላይ የመጣ ዱዓ አድርጎ ይመለሳል።

ረቡዕ እኔ ምሳዬን አልበላሁም። እትዬ ሃጂራ በር ላይ ወንበር ዘርግታ ተቀምጣ የሰውን ሁሉ ፔርሙስ ትቀበላለች። የአራዳ ሰዎች ተሰልፈው ሲሪንጅ እያነሱ ልክ እንደ መድኃኒት ቀማሚ መስመሯን አተኩረው እያዩ አምስት ያጠጡታል፤ ሙሚና ትጽፋለች። አንድ ሽማግሌ ስድስት አድርጎ ሊቀዳ ሲል ሃጂራ በሰው ፊት አዋረደችው። አብዱልባሲጥ ከታመመ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ አየሁት።

የዚያ ዕለት ሠንጠረዥ እንዲህ ይላል፦ የገባው ከነጠያቂው 500፤ ሽንት 820፤ በላብና በትንፋሽ 300፤ ልዩነት ስድስት መቶ ሃያ ጎደለ። ጠዋት ላይ፣ የማክሰኞው ድግስ ተጨምሮበት፣ 21.8 ነበር። ሒሳቡ እውነት ከሆነ ሐሙስ ጠዋት 21.2 መምጣት አለበት።

ሐሙስ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የአምቡላንሱ ሾፌር አያ ባዬ ደጅ ላይ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። የበድሩ ሻንጣ መኪናው ላይ ተጭኗል። ዶክተሩ፣ ሃጂራና ሙሚና ሚዛኑን ከበውታል። ልጁን አቅፌ አወጣሁት። የሚዛኑ መርፌ ተወዛወዘና ቆመ።

21.2።

የልዩነቱና የክብደቱ ዓምዶች ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ቃል ተናገሩ። ምንይችል ልጁን ያለ ትራስ አስተኝቶ ደረቱን አዳመጠ፤ ልጁ ጋደም ብሎም ትንፋሹ አላጠረውም። «ሽንቴ መጣ» አለ በዚያው። ሃጂራ ባለመስመሩን የሽንት መያዣ አቀበለችው፤ ሞላው፤ ሌላ መያዣ አመጣን። ቀለሙ ቢጫ ሆኗል። አራት መቶ ሰባ።

ያኔ እትዬ ሃጂራ እልል አለች። የሌሎቹ ልጆች እናቶችም ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ ተቀበሏት። አያ ባዬ ከውጭ እየሮጠ ገባ።

«ማን ተገላገለች?»

«ማንም» አልኩት። «ሽንት ነው።»

ምንይችል የመላኪያ ወረቀቱን ለሁለት ቀደደና «ባዬ፣ ሞተሩን አጥፋ» አለው።

እኔ ደብተሩን ይዤ ሙሚና ፊት ቆምኩ። «ገዳይ ያልኩሽ እኔ ነኝ» አልኳት። «ያዳነው ደግሞ ያንቺ ዓምድ ነው። ይቅር በይኝ።»

እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደች። የሐሙስን መስመር ፈልጋ በሽንቱ ዓምድ ላይ አራት መቶ ሰባትን በቁጥር ጻፈችና ቀና አለች።

«ተሳሳትኩ፤ ሰባ ነው» ብላ ሰረዘችው፤ ከዚያም እያለቀሰችና እየሳቀች በትልልቁ 470 ብላ አስተካከለችው።