የማታው ተራ

የመድኃኒት ቤቱ ኃላፊ ባንኮኒ ላይ ለምትሠራው ሴት የመጋዘኑን ሥራ ሊሰጣት ፈለገ። «እስከ ምሽት ነው ግን። ልጆቹን የሚይዝልሽ ካለ አርብ መልሱን ንገሪኝ» አላት።

መካኒክ ባሏ ሲሰማ ደስ አለው። «ማታውን ለእኔ ተዪው። እስከ አርብ እንሞክረው።»

ከሕፃናት ማቆያ ማምጣት፣ ማብላት፣ ማጠብ፣ ማስተኛት የእሱ ሆነ።

በመጀመሪያው ምሽት ለሙከራ ባንኮኒው ላይ አምሽታ፣ ፊቷ ሰው ተሰልፎ ሳለ ስልኳ ጮኸ።

«የትንሹ ፒጃማ የት ነው?»

«ገመዱ ላይ።»

ቆይቶ፣ «ሽሮፑን ስንት ማንኪያ ልስጠው?» ደግሞ ቆይቶ፣ «ትልቋ እንቁላል አልበላም አለች፤ ምን ላድርግ?»

ከሰልፉ አንዲት ባልቴት፣ «ልጄ፣ የባልሽ ማዘዣ አያልቅም እንዴ? እኔም እኮ ታምሜያለሁ» አሏት። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ቤት ስትገባ ልጆቹ ተኝተዋል፤ ሳህኑ ታጥቧል።

«አየሽ? ምን አላት!»

«እጅህስ አልሰነፈም። ግን እኔ ዛሬ እዚያም ሠራሁ፣ እዚህም ሠራሁ።»

«መጠየቅ ጥፋት ሆነ?»

«ሞተር ፈትተህ ብሎኑ የት እንደሚገባ ለባለመኪናው ትደውላለህ?»

ጆሮውን አከከ። «እሺ። ከመፍታት እስከ መግጠም የእኔ ነው። የቱ ልብስ እንደጠበበ፣ ሽሮፑ መቼ እንደሚያልቅ ማየቱም የእኔ። አንቺ ግን ከጀርባዬ አትቁሚ።»

በማግስቱ ስልኩ አልጮኸም። ደስ ሊላት ሲገባ ስልኩን ደጋግማ አየችው። በመጨረሻ ራሷ ደወለች።

«ምነው ጠፋችሁ?»

«አለን።»

«ታጠቡ? ውኃው እንዳያቃጥላቸው…»

«ባለመኪና ሲቆምብኝ ብሎን ከእጄ ይወድቃል። ዝጊው፣ እመቤቴ።»

ዘጋችው። ስትገባ ትልቋ ፀጉሯ እንደረጠበ፣ ትንሹ የእኅቱን ሱሪ ለብሶ ተኝተዋል። ሱሪውን ልትቀይርለት እጇን ዘረጋች፤ ባሏ በሩ ላይ ቆሞ ያያታል። ካስተካከለችው ሥራው ተመልሶ የእሷ ነው። ካላስተካከለችው ነገ ሰው የሚወቅሰው እሷን ነው። «አቤቱ፣ አንተ ቻልልኝ» ብላ በልቧ፣ መብራቱን አጠፋች።

አርብ ኃላፊው ፊት እንደቆመች ከማቆያው ተደወለ።

«ትንሹ አተኩሶታል፤ ነዪ ውሰጂው» አለች ሞግዚቷ።

«ለአባቱ ደውዪለት። ቁጥሩን ሰጥቷችኋል፤ ጋራዡም እዚያው አጠገባችሁ ነው።»

«ኧረ እናት እያለች! ወንድ ምን ያውቃል?»

«ያውቃል። ደውዪለት።»

«አንጀትሽ ቻለ?»

ስልኩ ተዘጋ።

«ልሂድ ካልሽ ሂጂ፤ ሥራውን ለሌላ እሰጣለሁ» አለ ኃላፊው፣ ያለ ክፋት።

«እቀበላለሁ» አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት።

መጋዘኑ መስኮት የለውም። ስልኩን መደርደሪያው ላይ አኑራ፣ ጊዜያቸው ያለፈባቸውን መድኃኒቶች መለየት ጀመረች። ልጁ አባቱ ትከሻ ላይ ይሁን፣ ገና ሞግዚቷ ዘንድ ይሁን አታውቅም። መደወል ትችላለች። አልደወለችም።