በፍላሽ የነጣው መስቀል

አንጥረኛው አያ አላምረው የሠሩትን የብር መስቀል በስልኬ ፍላሽ ባነሳው መሃሉ ነጭ ለምጽ መሰለ፤ ያስጠላል። ደንበኛቸው ዛሬ ፎቶውን አይታ ካልወደደችው ለሌላ አንጥረኛ ታዝዛለች። ስለዚህ በስልኬ ላለው ፎቶ ማስተካከያ ኤአይ «የፍላሹን ነጸብራቅ አጥፋ፣ ብርሃኑን ለስላሳና እኩል አድርግ፣ መስቀሉን አትንካ» ብዬ ጻፍሁለት። ብርሃኑን ሸጋ አደረገው።

አያ ግን ስልኩን አይተው ፊታቸውን አኮማተሩ። «ይሄ አበባ ምንድን ነው? እኔ የቀረጽሁት ሐረግ ነው።»

«ኤአዩ ነው፤ ፍላሹ የበላውን ከራሱ ፈጥሮ ሞልቶታል» አልኋቸው።

«ያልሠራሁትን ልሽጥ? ቱ፣ ምነው ቀጣፊ ታደርጊኛለሽ?»

እኔንም ቀፈፈኝና አጠፋሁት። ፍላሹን ዘግቼ መስቀሉን በሩ አጠገብ ደግሜ አነሳሁት፤ ኤአዩን ጥላውን ብቻ እንዲያለሰልስ፣ መስቀሉን እንዳይነካ አዘዝሁት። አያ መስቀሉን ከስልኩ ጎን አስይዘው ሐረጉን ዙር በዙር አስቆጠሩኝ። ልክ ሲሆን «ላኪላት» አሉ፤ ፊታቸው ግን አልተፈታም።