ለማይነበብ መልእክት የተዘጋጀ ለስላሳ መልስ

ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአሥር ላይ፣ በአሳንሰር ጥገና ድርጅት የደንበኞች መልእክት መላሽ ሆኜ በተቀጠርኩ በሦስተኛው ቀን፣ «ጀጀጀ4ጰጰቀሀ» የሚል መልእክት ደረሰኝ። ወዲያው ጻፍኩ፦ «ይቅርታ፣ መልእክትዎን በትክክል ማንበብ አልቻልኩም። ምን ሊሉኝ እንደፈለጉ እንደገና ቢጽፉልኝ?»

አለቃዬ ከመላኬ በፊት አስቆሙኝ። «‹እንደገና› ማለት ልፋታቸውን መናቅ ነው፤ አውጪው።»

«የቸገረው ሰው ቢሆንስ?» አልኩ።

«የቸገረው ሰው ይበልጥ ይቀየማል።»

አንጋፋዋ ጸሐፊ ሳቁ። «ጋሼ፣ ልጅቷ ጥፋቱን በራሷ ወስዳ የለ? ከዚህ በላይ ቅቤ ትቀባው?»

አለቃዬ ግን ቃል በቃል እያነጠሩ እስከ ስድስት ሰዓት አቆዩን። ያኔ የጥበቃ ሠራተኛው እያለከለከ ገባ።

«ዳይሬክተራችን ከአራት ሰዓት ጀምሮ እዚሁ ሕንፃ አሳንሰር ውስጥ ተቀርቅረዋል! ‹በጨለማ፣ ያለ መነጽር ጽፌላችሁ ነበር› እያሉ ይጮሃሉ።»

ሮጥን። ባለሙያዎቹ በሩን ሲፈለቅቁ፣ አለቃዬ በላብ ተጠምቀው ወደፊት ገፉኝ። «በይ፣ ያንን ለስላሳውን በይልኝ!»

ዳይሬክተሩ ወጡ። እኔም ከልቤ ጠየቅኳቸው፦ «ይቅርታ ጌታዬ፣ መልእክትዎን ማንበብ አልቻልንም። ምን ሊሉን እንደፈለጉ እንደገና ቢነግሩን?»

ተራ በተራ አዩንና በደረጃው ወረዱ።