የሊፍት ጥገና ክፍት የሥራ ቦታ

ሰኞ ጠዋት ልክ በሦስት ሰዓት የጥገና ኃላፊው ለሊፍት ጥገና ሠራተኛ የጻፈውን የቅጥር ማስታወቂያ የሰው ኃይል ሠራተኛዋ ጠረጴዛ ላይ ጣለው። «ጉልበተኛ ወንድ፣ ከሠላሳ ዓመት ያልበለጠ፣ የቤተሰብ ጣጣ የሌለበት» ይላል። እሷም ብዕሯን አነሳች። በቅርቡ የቀበረቻት እህቷ ይህንኑ ሙያ ተምራ፣ እንዲህ ያሉ ማስታወቂያዎችን እያነበበች አንድም ጊዜ ሳታመለክት ነው የሞተችው።

«ጉልበቱ ለምንድን ነው፣ ወንድሜ?»

«ሃያ አምስት ኪሎ ሞተር በደረጃ የሚወጣው በጸሎት ነው እንዴ?»

«ሃያ አምስት ኪሎ ተሸክሞ ደረጃ መውጣት» ብላ ጻፈች። «ጣጣውስ?»

«ሌሊት ስደውል ‹ልጅ ታመመብኝ› የሚለኝ አልፈልግም።»

«በተራ የሌሊት ጥሪ መቀበል» ብላ ጻፈችና «ወንድ» የሚለውን ሰረዘች። ማስታወቂያው የጠየቀውን የሙያ ፈቃድና የሦስት ዓመት ልምድ አልነካችም። «ዕድሜውስ?»

«ሽማግሌ ልጦር ነው?» ብሎ ሳቀ። ከሥራው ጋር የሚያገናኘው ነገር ስላላገኘች ዕድሜውንም ሰረዘች።

«በይ ለጥፊው። ቀሚስ ለባሽ ሞተር ስትሸከም ሳላይ አልሙት» ብሏት ወጣ። እሷም እሱ የነካውን ጠረጴዛ በሶፍት ጠረገች።

ማስታወቂያው የዚያኑ ቀን ተለጠፈ። በቅጥር ፈተናው ሞተሩን ተሸክመው ደረጃ በመውጣት ካለፉት አመልካቾች ሁለቱ ሴቶች ነበሩ፤ የተቀጠረችውም ከሁለቱ አንዷ፣ የአርባ ዓመት የልጆች እናት ነች።