የቀረው ስምንት ዙር

የሆስፒታሉ የእጥበት ክፍል ሴቶች የፈረቃ መሪያቸውን «ሚዛን» ነበር የሚሏት። የእርጥብ ጨርቅ እስር አንዴ ብድግ አድርጋ «ይሄ በዝቷል፣ ሁለት አንሶላ ቀንሱለት» ካለች ክርክር የለም። ሥራውንም እንደዚያው ትገምተዋለች፤ ጠዋት የመጣውን ክምር አይታ ማታ የሚቀረውን ትናገራለች። ታዲያ ባለፈው ወር አንድ ቀን ግምቷ ስቶ ነበር። «አንደርስም ጋሼ» ብላ ኃላፊውን አስደነገጠችው፤ እሱም የዕረፍት ቀን የነበራቸውን ሁለት ሴቶች ከቤታቸው አስጠራ። ሥራው ግን ገና በጊዜ አለቀ። የተጠሩት ሁለቱ ሴቶች ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲያዛጉ ዋሉ። ኃላፊው ምንም አልተናገራትም፤ ቀጮ የሚሏት ባልደረባዋ ግን ሳምንቱን ሙሉ «እስቲ ሚዛን፣ ዛሬስ የዓለም መጨረሻ ስንት ሰዓት ነው?» እያለች አሳቀችባት።

በዚህ ወር ደግሞ አንድ ቀን ጠዋት የየክፍሉ የአልጋ አንሶላ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተተኩሶ ወጣ። ቀጥሎ የቀዶ ጥገናው ጨርቅ ወረደ፤ የሐኪሞቹ ካባና የበሽተኛ መሸፈኛ፣ ለነገው ቀዶ ጥገና የሚሆን። ይሄ ታጥቦና ደርቆ፣ ታጥፎ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማምከኛ ክፍል መድረስ አለበት፤ ከዚያ ካለፈ ለነገ አይደርስም። እዚያ በእንፋሎት ካልበሰለ ማንም ሐኪም አይነካውም።

ስድስት ሰዓት ላይ ሌሎቹ ምሳቸውን ሲፈቱ ሚዛን በክፍሉ መሃል ቆመች። ማጠቢያዎቹ ሥራቸውን ጨርሰው ዝም ብለዋል። የታጠበው ጨርቅ በጋሪ ተደርድሮ ሲታይ ሥራው ያለቀ ይመስላል፤ ዓይን የሚያታልለውም እዚህ ላይ ነው። የታጠበው ሁሉ ገና አልደረቀም። በጋሪዎቹ ውስጥ ያለውን ቆጠረች፤ የማድረቂያ ስምንት ዙር ይሆናል። ሁለቱ ማድረቂያዎች ጤነኛ ቢሆኑ እያንዳንዳቸው በሦስት ሰዓት አራት አራት ዙር ያወጣሉ፤ ልክ ይደርሳል። በስተግራ ያለው ግን ከረፋዱ ጀምሮ ሙቀቱ ቀንሶ ነበር። የመጨረሻውን ዙር ለማድረቅ እጥፍ ጊዜ ፈጅቷል፤ እሱንም እጇን አስገብታ ስትዳብሰው ስፌቱ ላይ ገና እርጥብ ነው። የአየር ማስገቢያውን ብናኝ ጠረገችለት፤ ለውጥ የለም። እንግዲህ አንዱ አራት፣ ሌላው ሁለት። ስድስት። ሁለት ዙር ይቀራል፤ እሱም ማሽኑ ካልባሰበት ነው።

ውጭ ማስጣት አይቻልም፤ የቀዶ ጥገና ጨርቅ አቧራ ላይ አይሰጣም፣ ሰማዩም ጠቁሯል። ለድንገተኛ አደጋ ቁምሳጥን ውስጥ የተቀመጠው ጨርቅም አይነካም።

መናገር ነበረባት። ግን ሰው ሲጎድል ኃላፊው መጀመሪያ ማንን እንደሚያስጠራ ታውቃለች፤ ከሁሉ ቅርብ የምትኖረውን፣ እዚሁ እጥበት ክፍል የምትሠራውን የባሏን እህት። እሷ ደግሞ ሕፃን ልጇ በትኩሳት ሲቃጠል ሳምንቱን እንቅልፍ አጥታ ከርማ ገና ዛሬ ነው ዕረፍት ያገኘችው። ይሄ አንዱ ምክንያት ነበር። ሌላውን ምክንያት ሚዛን ለራሷም ገልጣ አላየችውም፤ የቀጮ ሳቅ ጆሮዋ ውስጥ ነበር።

ኃላፊው በር ላይ ብቅ አለ። ጠና ያለ፣ ቁልፍ እጁ ላይ የሚያንቃጭል ሰው ነው።

«እንዴት ነው? ትደርሳላችሁ?»

«እንደርሳለን ጋሼ።»

«መኪናው ዕቃ ሊያመጣ ሊወጣ ነው። የሚያስፈልግሽ ነገር አለ?»

«ኧረ ምንም የለም።»

ሄደ። ቀጮ ጉርሻዋን በጉንጯ ይዛ ቀና ብላ አየቻት። «ፊትሽ ምን ሆነ?»

«ምንም። ብሉና ቶሎ ተነሱ።»

ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ ነበር። በደህናው ማድረቂያ አንድ ሁለት ካባ ጨምራ ሞከረች፤ ጨርቁ ታጨቀና ጭራሽ ዘገየ፤ መልሳ ቀነሰች። ግራው አንዱን ዙር እንደ ምንም አድርቆ ሁለተኛው ላይ ቀዝቃዛ አየር መትፋት ጀመረ። ቴክኒሻኑ መጥቶ ጀርባውን ፈታና «ማሞቂያው ተቃጥሏል፤ ዛሬ አይሆንም» አለ። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ሚዛን ኃላፊው ቢሮ ገባች።

«ጋሼ፣ ሦስት ዙር ይቀራል። ማሽኑ ሞተብን።»

ስልኩን አንስቶ ሹፌሩን ጠራ። መኪናው ከከተማው ወጥቶ ሩቅ ደርሷል፤ ሳይመሽ አይመለስም። ስልኩን ቀስ ብሎ አስቀመጠው።

«ምን ይደረግ» አለ። «ማሽን ነው።»

የቀዶ ጥገና ክፍሏ ነርስ ወርዳ የደረሰውን ቆጠረች፤ ለነገ ቀዶ ጥገና ከተያዙት ሰዎች የመጨረሻው ተሰረዘ። ሚዛን የአንሶላ ጋሪ እየገፋች ወደ ላይ ስትወጣ ነርሷ ተራው ከተሰረዘበት ግንበኛ አልጋ አጠገብ ቆማ ስትነግረው ደረሰች። ሰውየው የሐሞት ጠጠር ነበረበት። ሆዱን በእጁ ደግፎ ያዳምጣል።

«ሦስተኛ ጊዜው መሆኑ ነው» አለች ሚስቱ። «አንዴ መብራት፣ አንዴ ሐኪም፣ አሁን ደግሞ ጨርቅ።»

«ተይ» አላት ግንበኛው። ሚዛን አንሶላ ስታቀብል ዞር ብሎ አያት። «እናንተ ምን ታደርጉ እህቴ። ማሽን ነው ብለዋል።»

ቢሰድባት ይሻላት ነበር። ጋሪውን ኮሪደር ላይ ጥላ ወረደች። ኃላፊው ቢሮውን ሊዘጋ ነበር።

«ጋሼ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ሲጠይቁኝ አውቅ ነበር። እንደማንደርስ ቆጥሬ ጨርሻለሁ።»

ቁልፉን ይዞ ቆመ። «እና ለምን?»

«የባሌን እህት ያስጠሯታል ብዬ። ልጇ ታሞ...»

«እሷን ምን ላድርጋት? ሰው ማሽን ይሆናል?» ድምፁ አልጨመረም። «እርጥቡን መኪናው ላይ ጭኜ ከወንዙ ማዶ ወዳለው ሆስፒታል ማድረቂያ እልከው ነበር። ሊወጣ ነው ብዬ ነገርኩሽ እኮ። በራችሁ ድረስ መጥቼ ጠየቅኩሽ።»



«ባለፈው ወር ስላሳሳትሽኝ ነው?» አለ ኃላፊው። «ያኔ ሁለት ሰው ሲያዛጋ ዋለ። ዛሬ አንድ ሰው ሆዱን ይዞ ያድራል። የቱ ይሻለኛል?» በሩን ቆለፈ። «ነገ ጠዋት ለቀዶ ጥገናው ኃላፊ አብረን እንነግራለን። ማሽን ነው ብዬ አልዋሽም።»

ማታ የባሏ እህት ቤት ሄደች። ሕፃኑ ትኩሳቱ ለቆት ተኝቷል። ሁሉንም ነገረቻት፤ ምናልባት «ለእኔ ብለሽ ነው» ትለኛለች ብላ ሳትጠብቅ አልቀረችም። ሴትዮዋ የልጇን ብርድ ልብስ እያስተካከለች ሰማቻትና፣

«ልጄን እዚህ ውስጥ አታስገቢው» አለች። «ብጠራ እመጣ ነበር። ወይም አልመጣም እል ነበር። ምላስ አለኝ።»

በማግስቱ ሚዛንና ኃላፊው ለቀዶ ጥገናው ኃላፊ እውነቱን ነገሩት። ለሚዛን ማስጠንቀቂያ ተጻፈላት፤ አልተከራከረችም። ግንበኛው ሳምንት ቆይቶ ተራው ደረሰና ከቀዶ ጥገናው በሰላም ወጣ፤ ከዚያ በፊት ግን ሁለት ሌሊት ሕመሙ ተነስቶበት በማስታገሻ መርፌ ነው ያደረው። ይሄን የነገረቻት ነርሷ ናት፣ ለሌላ ነገር ወርዳ፣ እንደ ዋዛ። ሚዛን ሁለት ጊዜ ልትጠይቀው ወጥታ ሁለቴም ከደረጃው ተመለሰች። በሦስተኛው ስትገባ አልጋው ባዶ ነው፤ ግንበኛው ጠዋት ወደ ቤቱ ሄዷል። አንሶላውን ገፈፈች፤ አዲስ አነጠፈች።