የዲታው ወረቀት

ሰውዬው የሚሸጠው ጨው አለው ወይስ የለውም? ሀቢቡ ከቡታጅራ ወልቂጤ ድረስ ሁለት ቀን ተኩል በበቅሎ ሲጓዝ ይህን ጥያቄ ሲያወጣ ሲያወርድ መልስ አላገኘለትም። ጉብሬን አልፎ የካሚዮኑን መንገድ አቧራ ከሩቅ ሲያይ እንኳ ሐሳቡ እዚያው ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው ነው። በዚያ ሰሞን ጨው ከገበያ ጠፍቶ ነበር። አሞሌ የሚያመጡት ነጋዴዎች መንገዱን ፈርተው ቀርተዋል፤ ካሚዮን የሚያራግፈውም ጨው ከወታደሩ ተርፎ ለሌላው አይደርስም። ታዲያ አንድ ዓርብ ገበያው ደርቶ ሳለ ሀብተወልድ የሚባል ሰው ከሸረፋ ሱቅ ደጃፍ ከበቅሎ ወረደ። ባርኔጣው ነጭ፣ ጫማው የተወለወለ፣ አማርኛው የአዲስ አበባ ነበር። «ሦስት መቶ ጆንያ ጨው ወልቂጤ መጋዘን ውስጥ ተከምሮልኛል» አለ። የአገሩ ነጋዴዎች የዋጋውን ሲሶ ቀብድ ካስያዙት በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ቡታጅራ ድረስ አምጥቶ ሊያራግፍላቸው ቃል ገባ።

ሸረፋ የሀቢቡ አጎት ነው። የሰባት ነጋዴዎች ማኅበር ዋና ሆኖ ሃያ ዓመት የነገደ፣ በቃሉ የሚታወቅ፣ ማንበብ ግን ያልተማረ ሰው ነው። ሀብተወልድ ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ ዘረጋና ከላይ በትልቁ የተጻፈውን በጣቱ እየተከተለ አነበበለት።

«ዲታ ሞርሴላ። ይኸውላችሁ፣ ዲ-ታ ይላል። እኔ ወኪሉ ነኝ።»

በርበሬ ነጋዴዋ ሃሊማ አንገቷን አስግጋ አየች። ባሏ ከሞተ በኋላ ንግዱን ብቻዋን የያዘች፣ ምላሷ የማይቻል ሴት ናት። «ራሱን ነው ዲታ ብሎ የጻፈው?»

«መንግሥት ነው የጻፈለት። ማኅተሙን አታይም?»

ከወረቀቱ ግርጌ የጣሊያን ንጉሥ መልክ ያለበት ትንሽ ወረቀት ተለጥፎ በቀለም ተመቶበታል። ነጋዴዎቹ ተራ በተራ አጎንብሰው አዩት። መንግሥት ዲታ ነው ብሎ ያተመለት ሰው ለሦስት መቶ ጆንያ ጨው አይዋሽም ብለው አመኑ። ሸረፋም «እሺ፣ ለዲታው ቀብድ እናስይዛለን» ሲል በሰው ፊት ቃሉን ሰጠ። ገንዘቡ በሚቀጥለው ዓርብ ሊከፈል ተቀጠረ። ሀብተወልድ ሊሬ አልፈልግም፣ በብር ይሁንልኝ አለ። ሃሊማ ድርሻዋን ለመሙላት በማግሥቱ ሁለት በሬዎቿን ሸጠች። ገንዘቡ ቢጠፋ ማኅበሩ አብሮ ይጠፋል፤ ለሚቀጥለው ዓመት መነሻ የሚሆን ሌላ ጥሪት ያለው ከሰባቱ አንድም አልነበረም።

ሀቢቡ ወሬውን የሰማው ማታ፣ እራት ላይ ነው። ልጅነቱን ኤደን ተምሮ፣ ምጽዋ በአንድ የንግድ ቤት ሁለት ዓመት ጽሕፈት ሠርቶ ከተመለሰ ገና ዓመት አልሞላውም። ቡታጅራ ውስጥ ምን እንደሚሠራ እሱም አያውቅ፣ ዘመዶቹም አያውቁ።

«አጎቴ፣ ዲታ ማለት በጣሊያን ቋንቋ ሀብታም ማለት አይደለም። የንግድ ቤት ማለት ነው። ድሃውም ባለሱቅ ዲታ ነኝ ብሎ ይጽፋል።»

ሸረፋ ጎረሰ፣ አኘከ፣ ዋጠ። «ድሃ ራሱን ዲታ ካለ እብድ ነው። ይኼ ደግሞ እብድ አይመስልም።»

«ወረቀቱን የጻፈው ማን እንደሆነ አይታወቅም እኮ። ምጽዋ ሳለሁ ቀብድ ሳይከፈል በፊት ሦስት ነገር እናይ ነበር። ቤቱ በመንግሥት መዝገብ ላይ አለ ወይ? በምን ሊነግድ ነው የተፈቀደለት? በስሙ ገንዘብ እንዲቀበል የተወከለውስ ማን ነው? ይህን ደግሞ የምንጠይቀው ወረቀቱን ያመጣውን ሰው አይደለም። መዝገቡን ነው።»

«እኔ እኮ ቃሌን ሰጥቻለሁ፣ አንተ ልጅ።»

«እስከ ዓርብ ጊዜ አለ። ወልቂጤ ደርሼ ልምጣ።»

«በቅሎዋን ውሰድ» አለ ሸረፋ በመጨረሻ። «ቃሌን ግን ወልቂጤ ጥለኸው እንዳትመጣ።»

ሀቢቡ ሀብተወልድ ሸረፋ ዘንድ ትቶት የሄደውን ወረቀት ቃል በቃል ገልብጦ፣ የተለጠፈውን ማኅተም እንኳ እንደነገሩ ስሎ፣ እሑድ ሳይነጋ ተነሳ።

የወልቂጤው የጣሊያን ሹም ቢሮ ጸሐፊና አስተርጓሚ አዳነ ይባላል። አገሩ መንዝ ነው። በንጉሡም ጊዜ እዚሁ ጸሐፊ ነበር፤ ሰንደቅ ዓላማው ተቀየረ እንጂ ወንበሩ አልተቀየረም። ግልባጩን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋው።

«ይቺ የሣልካት ማኅተም አይደለችም፣ ወንድሜ። ማርካ ናት።»

«ቀረጥ የሚከፈልባት?»

«አዎ። ትምባሆ ሻጩ ዘንድ ሄደህ ትገዛታለህ፣ ትለጥፋታለህ። አንተም ብትለጥፋት ያው ንጉሥ ነው የሚያይህ» ብሎ ሳቀና ወዲያው ወደ በሩ ገልመጥ አደረገ።

ከዚያም አንድ ትልቅ መዝገብ አውጥቶ ገለጠ። በዚህ ወረዳ የሚነግድ የንግድ ቤት ሁሉ፣ ከአዲስ አበባም ቢመጣ፣ ሊቼንሳው፣ ማለትም የንግድ ፈቃዱ፣ የሚመዘገበው እዚህ ነው። አዳነ ጣቱን በስሞቹ ላይ ቁልቁል ነዳና አንዱ ጋ ቆመ።

«አለ።»

ሀቢቡ ሁለት ቀን ተኩል የተጓዘው አለ የሚለውን ቃል ለመስማት ይሁን የለም የሚለውን፣ በዚያች ሰዓት ቢጠየቅ አያውቀውም።

«ዲታ ሞርሴላ፣ በሕግ የተመዘገበ ቤት ነው። አድራሻው አዲስ አበባ፣ የተፈቀደለት ንግድ…» አዳነ ቀና አለ። «እንጨትና ሲሚንቶ።»

«ጨውስ?»

«ጨው የሚል የለም።»

«ወኪሉስ ማን ይላል?»

«ወኪል አልተጻፈም። የሚፈርመውም ገንዘብ የሚቀበለውም ሞርሴላ ራሱ ነው።» አዳነ መዝገቡን ሳይዘጋ ትንሽ አሰበ። «ግን እውነቱን ልንገርህ። ወኪል ሾመው ሳያስመዘግቡ የሚነግዱ ሞልተዋል። እንጨት ብለው ፈቃድ አውጥተው ድንች የሚሸጡም አሉ። እዚህ አለመጻፉ ሌባ ነው ማለት አይደለም። አልተጻፈም ማለት ብቻ ነው።»

ሀቢቡ የአዲስ አበባውን አድራሻ ከመዝገቡ ገለበጠ። ከሀብተወልድ ወረቀት ላይ ከገለበጠው ጋር ሲያስተያየው አልገጠመም፤ የፖስታ ሣጥኑ ቁጥር ሌላ ነው።

የሞርሴላን መጋዘን ለማግኘት አልተቸገረም፤ ካሚዮን ከሚቆምበት ሜዳ ጀርባ ነበር። ሰይዶ የሚባል ሽማግሌ ዘበኛ ዱላውን ተደግፎ ከበሩ ቆሟል። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር በውስጥ የተደረደረው ሣንቃና የሲሚንቶው ከረጢት ከውጭ ይታያል።

«አሰላሙ አለይኩም፣ አባባ። እዚህ ጨው አለ?»

«ወአለይኩም ሰላም። ከጀርባዬ ላይ ካልላስክ በቀር የለም» አለ ሽማግሌው። ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶ ሲያወርድ ውሎ ላቡ ሸሚዙ ላይ ነጭ ሆኖ ደርቋል።

«ሀብተወልድ የሚባል ሰው ያውቃሉ? ነጭ ባርኔጣ ያደርጋል።»

«ነጭ ባርኔጣ የማያደርግ ማን አለ ዘንድሮ? ስሙን ግን አላውቀውም። እኔ ከመጣሁ ሦስት ወሬ ነው። ከእኔ በፊት የመጣ ከሆነ ደግሞ ምን አውቄ?»

ሀቢቡ በተመለሰበት መንገድ ሁሉ የሰማውን እየመዘነ ተጓዘ። ቤቱ አለ። ፈቃዱ ግን ለጨው አይደለም። ሰውዬው በመዝገቡ ላይ የለም። አድራሻው አልገጠመም። ሁሉም ወደ አንድ በኩል ያደላል፤ ቢሆንም ሀቢቡ በእጄ ጨበጥኩት የሚለው አንድም ነገር አልነበረውም።

የመጨረሻውን ሌሊት ሳያርፍ ተጉዞ ዓርብ ማለዳ ቡታጅራ ሲደርስ ሰባቱ ነጋዴዎች በሸረፋ ሱቅ ተሰብስበው ነበር። ገንዘቡ በአንድ የቆዳ ከረጢት ከሸረፋ እግር ሥር ተቀምጧል። ሀቢቡ ያየውንና የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ነገራቸው። አዳነ ያለውንም፣ ያልተጻፈ ሁሉ ሌባ አይደለም የሚለውን፣ አልደበቀም።

«ታዲያ ምን ልትለን ነው?» አለች ሃሊማ። «ሌባ ነው ወይስ አይደለም?»

«አላውቅም።»

«ኤደን ድረስ የሄድከው አላውቅም ልትል ነው? እሱንማ እኛም እዚሁ ቁጭ ብለን እንችለዋለን።»

ሳቁ ሳያልቅ ሀብተወልድ ገባ። በእጁ የደረሰኝ ጥራዝ ይዟል። ሰላምታ ሰጥቶ ተቀመጠና ዓይኑን ከረጢቱ ላይ አሳረፈ።

ሀቢቡ ቀድሞ ተናገረ። «አቶ ሀብተወልድ፣ በመጀመሪያ አሥር ጆንያ ያምጡልን። ዋጋውን እዚሁ ከካሚዮኑ ሥር ቆጥረን እንከፍላለን።»

«የእኔ ቤት በአሥር ጆንያ አይነግድም።»

«እንግዲያው ሞርሴላ እርስዎን የወከለበትን ወረቀት ያሳዩን።»

«በመንግሥት ማኅተም ላይ ጥርጣሬ ያለው ማን ነው?» ሀብተወልድ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ስሙን ይንገረኝና ለሹሙ ላድርስለት።»

በዚያ ዓመት ለሹሙ ይድረስ የተባለ ስም ያለበት ቤት ምን እንደሚሆን ሁሉም ያውቃል። ነጋዴዎቹ ወደ ሸረፋ ዞሩ። ሸረፋ ጎንበስ ብሎ ከረጢቱን አነሳና ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

«ማንም አልተጠራጠረም፣ ጌታዬ» አለ በዝግታ። «እኔ ቃሌን ሰጥቻለሁ፣ ቃሌንም አላጥፍም። ቃል የሰጠሁት ግን ለዲታው ነው። ገንዘብ የሚቀበለው እሱ ራሱ ነው ተብሎ በመንግሥት መዝገብ ተጽፏል አሉኝ። ይምጣ፣ በእጁ እሰጠዋለሁ። በግ አርጄም አስተናግደዋለሁ።»

«ዲታው አይመጣም እኮ!»

«ምነው? አሞታል?»

«አባቴ፣ ዲታ ማለት ሰው አይደለም!» አለ ሀብተወልድ ተበሳጭቶ። «የንግድ ቤት ነው!»

ሃሊማ አጨበጨበች። «ያ ረቢ! ሰው ካልሆነ ታዲያ የበሬዎቼን ገንዘብ ማን ሊበላው ኖሯል?»

ሀቢቡ ሳምንት ሙሉ ሊያርመው የፈለገው የአጎቱ ስሕተት አሁን በር ላይ እንደ ዘበኛ ቆሟል። ሸረፋ ገብቶት ይሁን ሳይገባው ከፊቱ የሚነበብ ነገር አልነበረም። ከረጢቱን በሁለት እጁ አቅፎ እንግዳውን በአክብሮት ያየዋል።

ሀብተወልድ ጥቂት ቆየ። ዛተ፣ ዋጋ ቀነሰ፣ ቀብዱን ወደ ሩብ አወረደ። ሸረፋ ለሁሉም «ዲታው ይምጣ» ብቻ አለ። ወደ እኩለ ቀን ሰውዬው በቅሎው ላይ ወጣ። ወደ ሹሙ ቢሮ አልሄደም፤ የጉንችሬን መንገድ ይዞ ሲሄድ አዩት።

ሃሊማ ድርሻዋን መልሳ ወስዳ፣ ከሸጠችበት ዋጋ ላይ ጨምራ በሬዎቿን መልሳ ገዛች። ክረምቱ ግን ከባድ ሆነ። ጨው በማንኪያ እየተሰፈረ ተሸጠ፤ አንዳንድ ቤት ያለ ጨው ተበላ። በሐምሌ ጉንችሬ ጨው ገብቷል የሚል ወሬ መጣ። ሦስት መቶ ጆንያ የሚል ነበር፣ ሠላሳ የሚልም፣ ጭራሽ የለም የሚልም ነበር። ዝናቡ የጉንችሬን መንገድ ስለዘጋው ሄዶ ያየ አልተገኘም። ከማኅበሩ አንዱ ሀቢቡን መንገድ ላይ ሲያገኘው ሰላምታውን ማሳጠር ጀመረ። ሸረፋ ነገሩን ዳግመኛ አላነሳም።

ሀቢቡ አንድ ቀን ተቀምጦ ለዲታ ሞርሴላ በጣሊያን ቋንቋ ደብዳቤ ጻፈ። ሀብተወልድ የሚባል ሰው የእናንተ ወኪል ነው ወይ? በግንቦት ወር ለቡታጅራ ነጋዴዎች ጨው እንዲሸጥ ልካችሁት ነበር ወይ? ከዚህ ሌላ ምንም አልጨመረም። አድራሻውን ከመዝገቡ ከገለበጠው ላይ ጻፈና፣ ወደ ወልቂጤ በሚሄድ ነጋዴ እጅ ከዚያው ፖስታ ቤት በአደራ እንዲላክ ሰደደው። ነጋዴው የፖስታ ቤቱን ደረሰኝ አመጣለት።

መስከረም ጠባ፣ መንገዱ ደረቀ፣ ካሚዮኖች እንደገና መምጣት ጀመሩ። ሀቢቡ በየሳምንቱ ከወልቂጤ የመጣውን ሁሉ እየጠየቀ ከረመ። ከዲታ ሞርሴላ ግን መልስ አልመጣም።